የባሕር ጨው ከየት መጣ? ወዴትስ ይሄዳል?

ባሕር ለምን ጨዋማ ሆነ ለሚለው ጥያቄ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ አንድ ነው። ዝናብ አለት ያጥባል፣ ወንዝ ያጠበውን ጨው ይዞ ይወርዳል፣ ባሕር ተቀብሎ ያጠራቅማል፣ ፀሐይ ደግሞ ንጹሑን ውሃ ብቻ መልሳ ታነሳለች። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ መልስ ግን ነው። የዓባይን ውሃ በድስት አፍልቶ ያደረቀ ሰው ከድስቱ ሥር የሚያገኘው ወጥ የሚጣፍጥበትን ጨው አይደለም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ነው።

በዓለም ወንዞች አማካይ ልኬት፣ አንድ ሊትር የወንዝ ውሃ በውስጡ የሟሟ 120 ሚሊግራም ያህል ማዕድን አለው። ግማሹ ባይካርቦኔት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ካልሲየም ይመጣል። የገበታ ጨው የሚሠራባቸው ሶዲየምና ክሎራይድ ተደምረው 15 ሚሊግራም አይሞሉም፤ ምላሳችንም አያውቃቸውም። አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ግን 35 ግራም ጨው ይዟል፤ ከዚህ 30 ግራሙ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። ወንዝ የሚያስገባውና ባሕር ውስጥ ያለው ነገር በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ይለያያሉ። ይህን ልዩነት ለመፍታት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የሚከተሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

## ከክርስቶስ ልደት በፊት 4ኛው ክፍለ ዘመን፦ ፀሐይ የምትተወው

ከአርስቶትል በፊት የነበረው ኢምፔዶክለስ ባሕርን የምድር ላብ ብሎት ነበር። አርስቶትል ይህ ለቅኔ ቢሆን እንጂ ለዕውቀት አይበጅም አለ። እሱ «ሜቴዎሮሎጂካ» በተባለው መጽሐፉ ያስቀመጠው ማብራሪያ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ እስከ ዛሬ ቆሟል፣ ሌላው ወድቋል።

የቆመው የትነቱ ነገር ነው። የባሕር ውሃ ተንኖ እንደገና ጠብታ ሲሆን ጨው እንደማይኖረው አርስቶትል በሙከራ አውቆ ነበር። ፀሐይ ቀላሉንና ጣፋጩን ውሃ ወደ ላይ ታነሳለች፤ ጨዋማው ከታች ይቀራል። ለምን እንደሚቀር ግን ማወቅ አይችልም ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ይለያያል፤ የውሃ ሞለኪውሎችም እያንዳንዷን ቅንጣት ከበው አጥብቀው ይይዟታል። አንድ የውሃ ሞለኪውል ከጎረቤቶቹ ተላቅቆ አየር ላይ ለመውጣት የባሕር ዳር ሙቀት ይበቃዋል። ደረቅ ጨው ግን ለመቅለጥ እንኳ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ለመትነን ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ። ስለዚህ ደመና ጨው አይጭንም። ማዕበል ሲሰበር በነፋስ የሚበተነው ፍንጣቂ ብቻ በባሕር ዳርቻ ዝናብ ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም ጨው ያስገባል።

የወደቀው ክፍል ጨው ከየት መጣ የሚለው ነው። አርስቶትል ከተቃጠለ ምድር የሚነሳ ደረቅ ጭስ ከደመና ጋር ተቀላቅሎ በዝናብ ወደ ባሕር እንደሚወርድ ያስብ ነበር። ከዚህም ጋር አንድ እንግዳ ነገር ጽፏል፤ በሰም የተሠራ፣ አፉ የታሸገ ማሰሮ ባሕር ውስጥ ቢሰጥም ሰሙ ጨውን አስቀርቶ ጣፋጭ ውሃ ብቻ ያስገባል ብሏል። ነገሩ አይሠራም፤ ሆኖም ከእሱ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ለብዙ ዘመን ሳይሞክሩ ደገሙት።

## 1674–1715፦ ወንዝና ባሕር ተመዘኑ

እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙ ሊቃውንት ምንጮችና ወንዞች ከባሕር በምድር ውስጥ ቦይ ተስበው እንደሚመጡ ያምኑ ነበር። ዝናብ ብቻውን ይህን ሁሉ ወንዝ ይመግባል ብሎ ማመን ከበዳቸው። ይህ እምነት ባለበት የወንዝ ውሃ ለምን ጣፋጭ ሆነ ለሚለው ጥያቄ የነበረው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ አፈሩ ጨውን አጣርቶ ያስቀረዋል ማለት። አፈር ግን የሟሟ ጨውን እንዲህ ሊያጣራ አይችልም።

እምነቱን የሰበረው ቁጥር ነው። ፒየር ፔሮ የተባለ ፈረንሳዊ በ 1674 የሴን ወንዝን የላይኛውን ተፋሰስ ስፋትና በዓመት የሚወርድበትን ዝናብ አስልቶ፣ ዝናቡ ከወንዙ ፍሰት ስድስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው። ከምድር በታች ምሥጢራዊ ቦይ መፈለግ ቀረ። በዚያው ዘመን ሮበርት ቦይል፣ የብር ናይትሬት ጠብታ ጣፋጭ በሚባል ውሃ ውስጥም ቢሆን ጨው ካለ ነጭ ደመና እንደሚያወጣ አሳየ። ምላስ ያላገኘውን ጨው ብር አገኘው፤ ጣፋጭ የሚባለውም ውሃ ትንሽ ጨው እንዳለው ታወቀ።

ሁለቱን ያገናኘው፣ በስሙ በሚጠራው ጅራታም ኮከብ የምናውቀው ኤድመንድ ሃሌይ ነው። በ 1687 ባሳተመው ሙከራ ውሃን እንደ ባሕር ያህል ጨው ጨምሮበት፣ እስከ በጋ አየር ሙቀት አሙቆ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ምን ያህል ክብደት እንደሚቀንስ ተከታተለ። ከዚያ በመነሣት የሜዲትራኒያን ባሕር በአንድ የበጋ ቀን 5,280 ሚሊዮን ቶን ውሃ በትነት እንደሚያጣ ገመተ። ዘጠኙን ትላልቅ ገባር ወንዞች እያንዳንዳቸው የቴምዝን አሥር እጥፍ አድርጎ ቢቆጥራቸውም የሚያስገቡት 1,827 ሚሊዮን ቶን ብቻ ሆነ። የሚተነው ከሚገባው ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ያስፈልገናል።

በ 1715 ሃሌይ ዋናውን ሐሳብ አቀረበ። ወንዝ የሚገባባቸው ነገር ግን መውጫ የሌላቸው እንደ ካስፒያንና ሙት ባሕር ያሉ ሐይቆች ጨዋማ ናቸው። መውጫ ያለው ሐይቅ የገባለትን ጨው መልሶ ይሰጣል፤ መውጫ የሌለው ውሃውን ለፀሐይ እየሰጠ ጨውን ያስቀራል። ውቅያኖስም መውጫ የሌለው ትልቁ ሐይቅ ነው። የዚህን አባባል እውነትነት በአገራችን ስምጥ ሸለቆ በአጭር መንገድ ላይ ማየት ይቻላል። ዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢጃታ ይፈስሳል፤ ዝዋይ መውጫ ስላለው ጣፋጭ ነው፣ አቢጃታ መውጫ ስለሌለው አይጠጣም።

ሃሌይ ከዚህ ተነሥቶ የዓለምን ዕድሜ መለካት እንደሚቻል ጻፈ። የባሕሩ ጨዋማነት ዛሬ ተለክቶ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ቢደገም፣ ከጭማሪው ዓለም ስንት ዓመቷ እንደሆነ ይታወቃል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ለክተው ባለመተዋቸውም ተቆጨ። ቢተዉለትም አይጠቅመውም ነበር። የዓለም ወንዞች በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ቶን የሟሟ ማዕድን ያስገባሉ፤ ሁሉም ተጠራቅሞ ቢቀር እንኳ በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ በኪሎ የባሕር ውሃ ላይ የሚጨምረው 6 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከ 35 ግራም ላይ 6 ሚሊግራም የሚለይ ሚዛን በጥንት አቴና ሊኖር አይችልም።

## 1819–1884፦ አንድ ዓይነት ባሕር

ከሃሌይ በኋላ አንድ ክፍለ ዘመን ሙሉ ነገሩ ብዙ አልተራመደም፤ ኬሚስትሪ ገና እየተወለደ ነበርና። በ 1819 አሌክሳንደር ማርሴ ከተለያዩ ባሕሮች የመጣ ውሃን መርምሮ፣ ጨው ከቦታ ቦታ ቢበዛና ቢያንስም የማዕድናቱ የእርስ በርስ ድርሻ አንድ ነው አለ። ወንዝ የሚገባበት አካባቢ ቀጠን ይላል፣ ትነት የበዛበት ወፈር ይላል፤ ቅመሙ ግን አንድ ነው። ዊልያም ዲትማር ደግሞ «ቻሌንጀር» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ 1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞራ ካመጣችው ውሃ 77 ናሙናዎችን መርምሮ በ 1884 ይህንኑ አረጋገጠ።

በመካከላቸው የቆመው የኮፐንሃገኑ ዮሐን ጆርጅ ፎርክሃመር ነው፤ በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ያልተዘመረለት ሰው። ከመርከብ ካፒቴኖች ለብዙ ዓመታት የባሕር ውሃ በጠርሙስ እያሰባሰበ ሲመረምር ቆይቶ በ 1865 ውጤቱን አወጣ። ወንዞች ብዙ ካልሲየም እንደሚያስገቡ ያውቃል፤ ባሕሩ ውስጥ ግን ካልሲየም ጥቂት ነው። የት ሄደ? ቀንድ አውጣውና ኮራሉ ቤት ሠርተውበታል። እንግዲህ የአንድ ማዕድን ብዛት በባሕር ውስጥ የሚወሰነው ወንዝ በሚያስገባው ልክ አይደለም፤ ባሕሩ ያን ማዕድን አጠጥሮ ለማስወጣት በሚቀለው ወይም በሚከብደው ልክ ነው ሲል ደመደመ። ባሕር የሚያስቀምጥ ብቻ ሳይሆን የሚያወጣም መሆኑን በግልጽ የጻፈው እሱ ነው። ሰሚ አላገኘም።

## 1899፦ የጆሊ ሰዓት

የደብሊኑ ጆን ጆሊ ሃሌይ የተመኘውን ስሌት በ 1899 ሠራው፤ ሁለት ሺህ ዓመት ሳይጠብቅ። ሃሌይ ያላሰበው አቋራጭ ይህ ነው፤ በባሕር ውስጥ ያለውን ሶዲየም በሙሉ ወንዞች በዓመት በሚያስገቡት ሶዲየም ማካፈል።

በዛሬ ቁጥሮች እንሥራው። ውቅያኖሶች 1.33 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛሉ፤ ወንዞች በዓመት 37 ሺህ ያህል ኪሎ ሜትር ኩብ ያስገባሉ። ስለዚህ ወንዞች ውቅያኖስን ባዶ ቢያገኙት ለመሙላት 36 ሺህ ዓመት ይፈጅባቸዋል። በኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 10.8 ግራም ሶዲየም አለ፤ በወንዝ ውሃ ውስጥ 6 ሚሊግራም፤ የባሕሩ 1,800 እጥፍ ነው። 36 ሺህን በ 1,800 ስናበዛ 65 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እናገኛለን። ጆሊ በዘመኑ በነበሩት የወንዝ ልኬቶች ያገኘው ከ 80 እስከ 90 ሚሊዮን ነበር።

ለጥቂት ዓመታት ይህ ቁጥር በጣም የተከበረ ነበር። ለብዙ የሥነ ምድር ሰዎች የሚስማማ ዕድሜ ነበርና። ነገር ግን ያንኑ ስሌት በካልሲየም እንድገመው። በባሕር ውሃ 410 ሚሊግራም፣ በወንዝ 15 ሚሊግራም፤ የባሕሩ 27 እጥፍ። በ 36 ሺህ ሲበዛ አንድ ሚሊዮን ዓመት ብቻ ይወጣል። በአንድ ባሕር ላይ በአንድ ዘዴ የተሠሩ ሁለት ሰዓቶች ከ 60 እጥፍ በላይ ከተለያዩ፣ ቢያንስ አንደኛው ዕድሜ አይለካም። ጆሊ ሶዲየም ከባሕር አይወጣም ብሎ ተማምኖ ነበር፤ ፎርክሃመርን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ግን ይጠራጠር ነበር።

## 1907–1956፦ ክሎሪን የት ነበር?

ሰዓቱን የሰበረው ከባሕር ውጭ የመጣ ማስረጃ ነው። በ 1907 በርትራም ቦልትዉድ በዩራኒየምና በእርሳስ ልኬት ከ 400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ማዕድናትን አሳየ፤ በ 1956 ደግሞ ክሌር ፓተርሰን የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት አደረሰው። የጆሊ 90 ሚሊዮን ስህተት ሆነ፤ ቁጥሩ ግን አልተጣለም። በ 1952 ቶም ባርት አዲስ ትርጉም ሰጠው። 65 ሚሊዮን ዓመት የባሕሩ ዕድሜ ሳይሆን፣ አንድ የሶዲየም ቅንጣት በወንዝ ከገባ በኋላ ባሕር ውስጥ በአማካይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ካልሲየም አንድ ሚሊዮን ዓመት ይቆያል። ባሕሩ ራሱን ሙሉ በሙሉ ለማደባለቅ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሺህ ዓመት ብቻ ስለሚበቃው፣ ማርሴና ዲትማር ቅመሙን በየትም ቦታ አንድ ሆኖ ማግኘታቸው አያስገርምም።

የቀረው እንቆቅልሽ ሌላኛው የገበታ ጨው ግማሽ፣ ክሎሪን ነበር። የጂኦኬሚስትሪ አባት የሚባለው ቪክቶር ጎልድሽሚት በ 1930ዎቹ ባሕሩን ለመሥራት ምን ያህል አለት መሟሟት እንደነበረበት አሰላ፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ የባሕር ውሃ 600 ግራም ገደማ። ያ ሁሉ አለት የባሕሩን ሶዲየም ከበቂ በላይ ይሰጣል። ክሎሪን ግን በአለት ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ተፈጭቶም ባሕር ውስጥ ካለው ላይ ትንሿን ክፍል ብቻ ይሸፍናል።

እዚህ ላይ አቢጃታን ዳግም ማየት ያስፈልጋል። የአቢጃታ ውሃ መራራ እንጂ እንደ ባሕር የሚጎመዝዝ አይደለም፤ ሲደርቅ የሚተወው በአብዛኛው ሶዳ ነው፣ ፋብሪካም የተተከለበት ለሶዳ አሽ ነው። የስምጥ ሸለቆ ወንዞች ከእሳተ ገሞራ አለት ሶዲየምና ባይካርቦኔት ያወርዳሉ፤ ውሃው ሲተን ካልሲየሙ አስቀድሞ እንደ ኖራ ይዘቅጣል፣ የቀረው ሶዲየም ከባይካርቦኔት ጋር ይከማቻል። የወንዝ ውሃ ብቻውን ተጠራቅሞ ሲወፍር የሚሆነው ይህ ነው፤ ባሕር ሳይሆን የሶዳ ሐይቅ። የሃሌይ ሐሳብ ለመጠኑ በቂ ነው፤ ለዓይነቱ አይበቃም።

መልሱን በ 1951 ያቀናጀው አሜሪካዊው ዊልያም ሩቢ ነው። ከአለት ሊመጡ የማይችሉትን ነገሮች፣ ማለትም ውሃውን ራሱን፣ ክሎሪኑን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አንድ ላይ ዘረዘረ፤ ዝርዝሩም ከእሳተ ገሞራ አፍና ከፍል ውሃ ከሚወጣው ጋዝ ጋር ይመሳሰላል። ክሎሪን ከምድር ሆድ እንደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ወጣ፤ ከእንፋሎቱ ጋር ተቀላቅሎ ዘነበ። ያ አሲድ አለቱን በላው፤ አለቱም ሶዲየሙን ሰጠው። እንግዲህ ከጨው አንዱ ግማሽ ከላይ በወንዝ የመጣ ሲሆን ሌላው ከታች ከእሳት የመጣ ነው። ሩቢ ይህ ቀስ በቀስ በረጅም ዘመን እንደሆነ ያምን ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች አብዛኛው ጋዝ የወጣው በምድር የልጅነት ዘመን ነው ይላሉ። እንዲያ ከሆነ ባሕር ጣፋጭ ሆኖ ጀምሮ በኋላ የጎመዘዘ ሳይሆን ገና ከመነሻው ጨዋማ ነበር።

## 1970–1979፦ መውጫዎቹ ተገኙ

አሁን የቀረው መውጫ ነው። ካልሲየም በዛጎልና በኖራ ድንጋይ እንደሚወጣ ከፎርክሃመር ጀምሮ ታውቋል። ሶዲየምና ክሎራይድ ግን ለየትኛውም ፍጥረት ቤት አይሆኑም፤ ጠጣር ጨው ሆነው ለመዝቀጥም ውሃው በትነት ወደ አንድ አሥረኛው መውረድ አለበት። ክፍት ባሕር ይህን ሊያደርግ አይችልም። የተዘጋ ባሕር ግን ይችላል።

በ 1970 «ግሎማር ቻሌንጀር» የተባለች የቁፋሮ መርከብ ከሜዲትራኒያን ወለል ሥር ጨውና ጂፕሰም አወጣች። የጉዞው መሪዎች ቢል ራያንና ኬኔት ሹ የደረሱበት መደምደሚያ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ከ 6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ ከአትላንቲክ ተቆርጦ ደርቆ ነበር። የሃሌይን ቁጥር ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ የሚተነው ከሚገባው ሦስት እጥፍ የሚጠጋበት ባሕር፣ የጂብራልታር በር ቢዘጋበት ከመድረቅ ሌላ ዕጣ የለውም። ስሌቱ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ይነግረናል። 1,000 ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ የሚተወው 16 ሜትር ያህል ጨው ነው። ከሜዲትራኒያን በታች ያለው ጨው ግን በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አንድ ጊዜ መድረቅ ይህን አይሠራም፤ ውሃው ለብዙ ሺህ ዓመታት ከአትላንቲክ እየገባ፣ እየተነነ፣ ጨዉን እየተወ መቀጠል ነበረበት። በዚህ መልክ ከዓለም ውቅያኖሶች ጨው ከመቶ አምስት የሚሆነው እዚያ ተቀበረ።

ደናኪልም የዚሁ ታሪክ ታናሽ ምዕራፍ ነው። ከባሕር ጠለል ከ 100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው የአፋር ጨዋማ ሜዳ በቀይ ባሕር ተጥለቅልቆ ነበር፤ በጠርዙ ዛሬም የኮራል ቅሪት ቆሟል፤ ዕድሜውም ወደ 125 ሺህ ዓመት ይገመታል። በሩ ሲዘጋ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ቁፋሮዎች ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጨው ንጣፍ አሳይተዋል፤ በዚያው ስሌት ባሕሩ አንድ ጊዜ ብቻ እንዳልመጣ ይገባናል። በመጥረቢያ ተቆርጦ፣ በአሞሌ መልክ ተጠርቦ በግመል የሚወጣው ጨው የሟሟ አለት ያጠራቀመው የአቢጃታ ዓይነት ሶዳ አይደለም፤ ከባሕር የወጣ የባሕር ጨው ነው። ገበታ ላይ የሚቀርበውም ለዚህ ነው።

ማግኒዚየም ብቻ አሁንም ሒሳቡ አልገጥም አለ። ወንዞች ሳያቋርጡ ያስገቡታል፤ ባሕሩ ውስጥ ግን እንደሚጠበቀው አይጨምርም። በ 1977 «አልቪን» የምትባለው ሰርጓጅ ከጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ 2,500 ሜትር ጥልቀት ላይ ከባሕሩ ወለል የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ አገኘች፤ በ 1979 ከሜክሲኮ አቅራቢያ በሰላማዊ ውቅያኖስ ወለል ላይ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሞቀ ጥቁር ፍል ውሃ ተገኘ። ጆን ኤድመንድና ባልደረቦቹ ያን ውሃ ሲመረምሩ ማግኒዚየም አልነበረበትም ማለት ይቻላል። ቀዝቃዛው የባሕር ውሃ በወለሉ ስንጥቅ ይሰርጋል፣ ከትኩስ ባዝልት ጋር ይነካካል፣ ማግኒዚየሙን ለአለቱ ይሰጣል፣ በምትኩ ካልሲየም ይዞ ይመለሳል። ውቅያኖስ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው ያለው ሃሌይ መውጫው በወለሉ ሥር ሊሆን እንደሚችል የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም።

## 2001፦ በጨው ውስጥ የተያዘ ውሃ

የጨው ፍሬ ሲሠራ አንዳንድ ጊዜ ከፀጉር የቀጠነ የውሃ ጠብታ በሆዱ ይዘጋል። ጥንታዊ የጨው ንጣፍ የያዘው ጠብታ ሃሌይ ከግሪኮች ያጣው ናሙና ማለት ነው፤ ዕድሜው ግን በሺህ ሳይሆን በመቶ ሚሊዮን ዓመት ይቆጠራል። ቲም ሎዌንስታይንና ባልደረቦቹ ከተለያዩ ዘመናት የተያዙ ጠብታዎችን መርምረው በ 2001 ውጤቱን አሳተሙ። ውሃው በዘመኑ ሁሉ የሶዲየም ክሎራይድ ውሃ ነው፤ ማግኒዚየምና ካልሲየም ግን ሲፈራረቁ ኖረዋል። ዛሬ በባሕር ውስጥ ለአንድ የካልሲየም ቅንጣት አምስት ያህል የማግኒዚየም ቅንጣቶች አሉ፤ ዳይኖሰሮች በነበሩበት በክሪቴሺየስ ዘመን ሬሾው ወደ ሁለትና ከዚያ በታች ወርዶ ነበር። አንዳንዶች ይህን የሚያያይዙት ከውቅያኖስ ወለል መስፋት ፍጥነት ጋር ነው፤ ወለሉ ፈጥኖ ሲሰፋ ፍል ውሃው ይበዛል፣ ፍል ውሃው ሲበዛ ማግኒዚየም ፈጥኖ ይወጣል። ሌሎች ደግሞ በጥንቱ ጥልቀት በሌላቸው ባሕሮች የተሠራው ዶሎማይት የተባለ አለት፣ ማግኒዚየምን አምቆ በመያዙ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል ይላሉ፤ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።